ዓለሙ ለምን ፈረሰ? ዲስቶፒያ ልብወለዶች እያንዳንዳቸው የተለያየ ምክንያት የሚነግሩን ለምንድን ነው?

የኮዬዋ (ቅዳሜ፣ ማታ 2:40)

እንዴት አመሻችሁ። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፣ ሥራዬ ደግሞ ሜክሲኮ። በቀን ሦስት ሰዓት ያህል መንገድ ላይ ስለሆንኩ ብዙውን መጽሐፍ የማነበው አውቶቡስ ውስጥ ቆሜ፣ በስልኬ ነው። ከሰፈር ልጆች ጋር በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ እየተገናኘን ስላነበብነው እናወራለን። ዛሬ ግን ወሬው ወደ ጭቅጭቅ ሄደብንና ይዤው መጣሁ።

ሰሞኑን ስናነብ የከረምነው ዲስቶፒያ ነው፣ መጪው ዘመን ጨልሞ የሚታይባቸው ልብወለዶች። የዛምያቲን «እኛ»፣ የኦርዌል «1984»፣ የብራድበሪ «ፋራናይት 451»፣ የአትዉድ «ዘ ሃንድሜድስ ቴል» እና የኦክታቪያ በትለር «የዘሪው ምሳሌ»። አምስቱም ውስጥ የድሮው ዓለም ፈርሷል። እንዴት ፈረሰ ብለን ስንጠይቅ ግን መልሱ አንድ አይደለም። ዛምያቲን ከተማና ገጠር ሁለት መቶ ዓመት ተዋጉ ይላል። ኦርዌል ጋ አቶሚክ ቦምብና አብዮት አለ። ብራድበሪ ጋ ማንም አልወረረም፤ ሰው በገዛ እጁ ማንበብ ተወ። አትዉድ ጋ አንድ ቀን ምክር ቤቱ በጥይት አለቀ። በትለር ጋ ደግሞ ይሄ ነው የሚባል ቀን እንኳን የለም።

አንዱ ጓደኛችን «ደራሲው ታሪኩን ለማስጀመር አንድ ምክንያት ማስቀመጥ አለበት፤ የትኛውንም ቢያስቀምጥ ለውጥ የለውም» አለ። እኔ ደግሞ ደራሲውን እንቅልፍ የሚነሳው ነገር የተደበቀው እዚያው ምክንያቱ ጋ ነው አልኩ። ከዚያ «እሺ አስረጂን» ሲሉኝ አፌ ተያዘ። እናንተ እንዴት ታዩታላችሁ?

ናቲ ሰሚት (ቅዳሜ፣ ማታ 3:05)

ይሄማ ከባድ አይደለም። ሁሉም የጻፉት በዘመናቸው የሰሙትን ዜና ነው። ኦርዌል ስታሊንን ፈራ። ብራድበሪ አሜሪካ ውስጥ ሰው ኮሚኒስት ነህ እየተባለ የሚታደንበትን የማካርቲን ጊዜ ፈራ። አትዉድ በሬጋን ዘመን የተነሱትን አክራሪ ሰባኪዎች ፈራች። መጽሐፉ የታተመበትን ዓመት እይና የዚያን ዓመት ጋዜጣ አንብቢ፣ ፍርሃቱን እዚያ ታገኚዋለሽ።

ቢኒ (ቅዳሜ፣ ማታ 3:11)

የበትለር መጽሐፍ የሚጀምረው በ2024 አይደለም እንዴ? 2024 በፈረንጆቹ አልፏል። ካሊፎርኒያ እንዳለች ናት። ስለዚህ ከአምስቱ የተሳሳተችው እሷ ናት ማለት ነው። ከሌሎቹ ግን የትኛው ነው ትክክል የተነበየው?

ሄለን አባዶ (ቅዳሜ፣ ማታ 3:20)

ቢኒ፣ ጥያቄዋ ማን ተነበየ አይደለም። ማን ምን ፈራ ነው። ትንቢት ይሳሳታል፣ ፍርሃት ግን አይሳሳትም። አንድ ሰው እሳት ፈርቶ ቤቱ ባይቃጠል ፍርሃቱ ውሸት ነበር አትለውም።

የድሮ መምህር (ቅዳሜ፣ ማታ 4:15)

ልጆች፣ ጥያቄው ደስ ብሎኝ ዓይኔ እያለቀሰም ቢሆን ጽፌያለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የማስቀምጠው።

ናቲ ልጄ፣ ዓመቱን ማየትህ ደግ ነው። ግን ኦርዌል ላይ ጋዜጣው ግማሽ መንገድ አድርሶ ይተውሃል። የ1945ን ጋዜጣ ብታነብ ሰው ሁሉ የፈራው ቦምቡ ዓለምን ያጠፋታል ብሎ ነው። ኦርዌል ግን ሂሮሺማ ከተመታች ከሁለት ወር በኋላ ባወጣት አጭር ጽሑፍ የፈራው ሌላ ነገር ነበር። ቦምቡን መሥራት የሚችሉት ሁለት ሦስት ኃያላን ብቻ ናቸው፤ እርስ በርስ ላለመወርወር ሳይነጋገሩ ይስማማሉ፤ ያን ጊዜ ከውጭም የሚያሸንፋቸው፣ ከውስጥም የሚገለብጣቸው አይኖርም ብሎ ነው የሰጋው። ልብወለዱ ውስጥም እንደዚያው ነው። በ1950ዎቹ ቦምቦች ይወድቃሉ፣ ኮልቸስተር የምትባለው ከተማ ትመታለች፣ ከዚያ ገዢዎቹ ሁሉ ይደነግጡና ያቆማሉ። ዓለሙ የጠፋው ቦምቡ ስለወደቀ አይደለም፤ መውደቁ ስለቆመና የቀሩት ገዢዎች ለዘላለም ስለተተከሉ ነው። ስታሊን ቢሞትም ይህ ፍርሃት አይሞትም።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ይህን ሁሉ ታሪክ ልብወለዱ ውስጥ የነገረን ማን ነው? ዋናው ባለታሪክ ዊንስተን በድብቅ የሚያነበው፣ የአገዛዙ ጠላት የሚባለው የጎልድስታይን መጽሐፍ ነው። ያ መጽሐፍ ሁሉን ካስረዳ በኋላ «ይህ ሁሉ ለምን ተደረገ» ወደሚለው ሲደርስ ዊንስተን ፍቅረኛው ጁሊያ እንደተኛች ያስተውልና መጽሐፉን ይከድናል። ምክንያቱ አፋፍ ላይ ደርሶ ይቋረጣል። በኋላ እስር ቤት ውስጥ የገዢው ፓርቲ ሰው ኦብራያን «ያንን መጽሐፍ ከጻፉት አንዱ እኔ ነኝ» ይለዋል። ስለዚህ ዓለሙ እንዴት እንደፈረሰ የምናውቀው ካፈረሱት ሰዎች እጅ ነው።

እኔ ለሠላሳ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አንድ ነገር ለምጃለሁ። ምክንያቱን ከማመኔ በፊት የነገረኝን ሰው አየዋለሁ፤ ከዚያ ሁለተኛ ምስክር እፈልጋለሁ። በሁለት ወይም በሦስት ምስክር አፍ ነገር ሁሉ ይጸናል ይል የለ መጽሐፉስ። «1984» ውስጥ ዊንስተን ራሱ ሁለተኛ ምስክር ለመፈለግ መጠጥ ቤት ገብቶ አንድ ሽማግሌ ቢራ ይጋብዛል። ከአብዮቱ በፊት ኑሮ ከአሁኑ ይሻል ነበር ወይ ብሎ ይጠይቀዋል። ሽማግሌው የሚያስታውሰው ስለ ረጃጅም ባርኔጣ፣ ስለ ቢራ መለኪያ፣ አንድ ጊዜ ስለገፋው ሰካራም ነው። እውነት ነው፣ ግን ለጥያቄው አይሆንም። እኔ የኦርዌልን ትልቁን ፍርሃት የማገኘው ከቦምቡ ይልቅ እዚህ ጋ ነው። ምስክሩ በሕይወት አለ፣ ምስክርነቱ ግን የለም።

የኮዬዋ (ቅዳሜ፣ ማታ 4:32)

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። «ማን ነገረን» የሚለውን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። አሁን ሌሎቹን በዚያ ዓይን ልያቸው።

ሄለን አባዶ (እሑድ፣ ጠዋት 2:50)

መምህር፣ በአክብሮት ልከራከርዎት። ይህ መለኪያ ብራድበሪ ላይ ይሰበራል።

እዚያም ታሪኩን የሚነግረን አለቃው ነው። ሥራው መጻሕፍት ማቃጠል የሆነው ሞንታግ አሞኛል ብሎ ሲተኛ የእሳት አደጋ አለቃው ቢቲ ቤቱ ድረስ መጥቶ፣ ፒፓውን ለኩሶ፣ መጻሕፍት እንዴት እንደጠፉ ያስረዳዋል። ፎቶ መጣ፣ ፊልም መጣ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን መጣ፣ መጽሐፉ አጠረ፣ አንድ ገጽ ሆነ፣ አንድ መስመር ሆነ። ማንንም ላለማስቀየም ደግሞ የሚያስቀይመው ሁሉ ወጣ። ከመንግሥት የመጣ አዋጅ አልነበረም፣ መጀመሪያ ከሰዉ ነው የመጣው ይላል። ቤቶች ሁሉ እሳት የማይበላቸው ሆነው ሥራ የፈቱት እሳት አጥፊዎች ናቸው በኋላ አቃጣይ የሆኑት። በእርስዎ መለኪያ ይህን የተናገረው አቃጣዩ ስለሆነ «ራሳችሁ ናችሁ የፈለጋችሁት» የሚል የገዢ ሰበብ ነው ልንለው ነው።

ግን ፌበር የሚባለው ሽማግሌ ፕሮፌሰር አለ፤ አገዛዙን የሚጠላ፣ መጻሕፍት የሚወድ። እሱም ሞንታግን የሚለው ያንኑ ነው፤ ሕዝቡ በራሱ ፈቃድ ማንበብ አቆመ ይለዋል። ጠላትና ወዳጅ በአንድ ቃል ሲመሰክሩ ምን እንላለን?

የድሮ መምህር (እሑድ፣ ጠዋት 3:40)

ሄለን ልጄ፣ መለኪያዬን ሰበርሽው ሳይሆን አጠናከርሽው መሰለኝ፤ ግን ፌበርን ስላነሳሽ ምስጋናዬ ከልብ ነው፣ እኔ ረስቼው ነበር።

ሁለተኛው ምስክር የመጀመሪያውን ሲያጸናለት ደራሲው ራሱ ያመነበት ነገር ነው ማለት ነው። ብራድበሪ ቢቲን ውሸታም አላደረገውም፣ እውነት የሚናገር ክፉ ሰው ነው ያደረገው። ስለዚህ የፈራው ገዢን አይደለም። እኔንና አንቺን ነው የፈራው፣ ሳሎን ቁጭ ብለን ግድግዳ የሚያህል ስክሪን የምናየውን። የሞንታግ ሚስት ሦስት ግድግዳ በስክሪን ተሸፍኖላት አራተኛውን ግዛልኝ እያለች ትነዘንዘው የለ።

ይህን መጽሐፍ የጻፈው ሎስ አንጀለስ፣ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ፣ ሳንቲም እየከተተ በሚከራየው የጽሕፈት መኪና ነው። ለግማሽ ሰዓት አሥር ሳንቲም ይከፍል ነበር። ከላይ መደርደሪያው ላይ መጻሕፍቱ ሞልተው፣ እሱ ከታች ሆኖ መጥፋታቸውን ይጽፋል። ያን ጊዜ መጻሕፍቱን የሚከለክል አልነበረም። የሚያስፈራው ደግሞ ይኸው ነበር።

ናቲ ሰሚት (እሑድ፣ ጠዋት 4:02)

መምህር፣ ማካርቲስ? መጽሐፉ የወጣው በ1953 ነው። ሰዎች በሐሳባቸው ምክንያት ከሥራ የሚባረሩበት፣ አሜሪካ ራሷ ውጭ አገር በከፈተቻቸው ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያሉ መጻሕፍት የሚመረመሩበት ዓመት እኮ ነው። ብራድበሪ ሲያረጅ «ስለ ቴሌቪዥን ነው የጻፍኩት» አለ፤ ሲያረጅ ያለው ሲጽፍ ከፈራው ጋር አንድ መሆኑን በምን እናውቃለን? ደራሲውም ለራሱ መጽሐፍ አንድ ምስክር ብቻ ነው። በእርስዎ ሕግ መሠረት ሁለተኛ ያስፈልገዋል።

የድሮ መምህር (እሑድ፣ ጠዋት 4:10)

እዚህ ላይ ረታኸኝ። መልስ የለኝም።

የገላን ልጅ (እሑድ፣ ቀን 7:25)

እኔ ስለ «እኛ» ልናገር። እንደ እናንተ ብዙ አላነበብኩም። ይህን መጽሐፍ ያነበብኩት የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ስለሰጠኝ ነው።

አባቴ ገላን ላይ ጤፍና ስንዴ ይዘራ ነበር። መሬቱ ዛሬ ሕንፃ ነው። ብሎኮቹን እያየሁ ይሄ አውድማችን ነበር፣ ይሄ ከብት የምናጠጣበት ነበር እላለሁ፤ አብሮኝ የሚሄድ ሰው የሚያየው ግን ፓርኪንግ ነው። አባቴ ካሣ ተቀብሏል፣ ስለ ገንዘቡ አይደለም የማወራው። አንድ ቀን የጎረቤት ሕፃን፣ እዚሁ ኮንዶሚኒየም የተወለደ፣ «ጋሼ፣ ጤፍ ዛፍ ላይ ነው የሚበቅለው?» ብሎ አባቴን ጠየቀው። አባቴ ሳቀ። ማታ ግን እራት አልበላም።

እና መጽሐፉ ውስጥ ታሪኩን የሚተርከው መሐንዲስ በከተማና በገጠር መካከል ስለተደረገው የሁለት መቶ ዓመት ጦርነት ሲያወራ፣ ገጠሬዎቹ ለዳቦ ብለው ነው የተዋጉት ይልና ወዲያው ዳቦ ማለት ለእኛ የግጥም ቃል ነው፣ ከምን እንደሚሠራ አናውቅም ይላል። እዚያ ጋ መጽሐፉን ዘጋሁት። ለሁለት ቀን አልከፈትኩትም። ይህን የጻፈው ሰው ከተሜ ነው ገጠሬ? ምንድን ነው የፈራው?

የድሮ መምህር (እሑድ፣ ቀን 9:30)

የገላን ልጅ፣ እዚህ ከተጻፈው ሁሉ የአንተን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ላባትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

ዛምያቲን የቄስ ልጅ ነው፤ የተወለደው ሌቤድያን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ያኔ ታምቦቭ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ እህል በሚዘራበት አገር። ሙያው ደግሞ የመርከብ መሐንዲስ። በ1916 እንግሊዝ ሄዶ በረዶ የሚሰብሩ መርከቦች ሲሠሩ ተቆጣጥሯል። ስለዚህ ከሁለቱም ወገን ነው፤ እጁ የከተማ፣ ትውልዱ የገጠር።

«እኛ»ን የጻፈው በ1920 ገደማ ፔትሮግራድ ሆኖ ነው። ያኔ መንግሥት ከተሜውን ለመመገብ የታጠቀ ሰው ወደ ገጠር እየላከ የገበሬውን እህል ይወስድ ነበር። ገበሬው ደበቀ፣ ማረስ ቀነሰ፣ በመጨረሻ መሣሪያ አነሳ። ከሁሉ የበረታው አመፅ የተነሳው እዚያው ታምቦቭ፣ የትውልድ ክፍለ ሀገሩ ውስጥ ነው። ፔትሮግራድ ውስጥ ደግሞ ሰው በረሃብና በብርድ አለቀ፣ ሸሸ፤ ከሁለት ሚሊዮን በላይ የነበረው ነዋሪ በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ሰባት መቶ ሺህ ገደማ ወረደ። ሰዎች ወንበራቸውንና መጻሕፍታቸውን እያነደዱ ይሞቁ ነበር። ናቲ፣ እዚህ ላይ ያንተ ጋዜጣ ትክክል ነው።

ግን ዛምያቲን ይህን ሲጽፍ ረሃቡን እንደ ረሃብ አልጻፈውም። ዲ-503 ለሚባል፣ አገዛዙን ከልቡ ለሚወድ መሐንዲስ ሰጥቶ አስተረከው። ያ ሰው ምን ይላል? ጦርነቱ አበቃ፣ ከነዳጅ የሚሠራ ምግብ ተፈጠረ፣ ከዓለም ሕዝብ የተረፈው 0.2 ብቻ ነው፣ ምድር ግን ከቆሻሻዋ ጸድታ እንዴት አበራች ይላል። 0.2 ማለት ከአምስት ሰው አንዱ ነው። አራቱን እንደ ጥራጊ ነው የሚያያቸው። ቁጥሩን ያስቀመጠው ግን ልክ እንደ ሂሳብ ውጤት፣ ድምፁ ሳይርገበገብ ነው።

የአንተን ጥያቄ የምመልሰው እንዲህ ነው። ዛምያቲን የፈራው ከተማው እንዳይሸነፍ ወይም ገጠሩ እንዳይሸነፍ አይደለም። የፈራው ከተማው ፈጽሞ አሸንፎ ዳቦ የማያስፈልገው እንዳይሆን ነው። ከተማው እህል እስከፈለገ ድረስ ገበሬውን ቢዘርፈውም፣ ቢጠላውም፣ መኖሩን ያውቃል። እህል ካልፈለገ ግን ይረሳዋል። ልጁ አባትህን የጠየቀው ጥያቄ እዚያ መጽሐፍ ውስጥ አለ፣ ትልቅ ሰው ሆኖ።

ሁለተኛ ምስክርም አለ። ሴትዮዋ፣ አይ-330፣ መሐንዲሱን ከተማውን ከከበበው አረንጓዴ ግንብ ውጭ ታወጣዋለች። እዚያ ጸጉር የለበሱ ሰዎች በፀሐይ ሲኖሩ ያያል። ከጦርነቱ የተረፉት ናቸው፤ ጫካ ገብተው ከዛፍና ከአውሬ ተምረው ኖሩ። የገጠሩን ወገን ታሪክ የምንሰማው ከእሷ አፍ፣ በጥቂት መስመር ብቻ ነው። ሁለቱ ምስክሮች ስለ ጦርነቱ አይጣሉም። የሚለያዩት አንዱ «ጠፉ» ሲል ሌላዋ «እነሆ» ስትል ነው።

የገላን ልጅ (እሑድ፣ ቀን 9:52)

ጋሼ አመሰግናለሁ። «እነሆ» የሚለውን ለአባቴ አነብለታለሁ።

አራተኛ ፎቅ (እሑድ፣ ማታ 1:15)

በትለርን ማንም አልነካትም፣ እኔ ልሞክር። ቀን የላትም ያልሽው ልክ ነው፤ ግን ቀን የሌለው ለምን እንደሆነ የገባኝ ከመጽሐፉ ይልቅ ከብሎካችን ነው።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነው፤ እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ በሳምንት ሁለት ቀን። ፈረቃው መጀመሪያ የወጣ ጊዜ ለሁላችንም እኩል ይደርስ ነበር። ከዚያ ምድር ላይ ያለ አንድ ጎረቤታችን፣ የታመሙ እናት ስላሉት፣ ቶሎ እንዲሞላለት መስመሩ ላይ ትንሽ ፓምፕ ገጠመ። ማን ይቆጣዋል? እናቱ ታመዋል። ወዲያው አንደኛ ፎቅ ያለው ውሃው ቀነሰብኝ ብሎ ገጠመ። ፓምፑ ከመስመሩ ሲስብ ግፊቱ ይወርዳል፣ ከላይ ላለነው የሚደርሰን አየር ነው። ቧንቧውን ስከፍት እንደ ሰው ይተነፍሳል፤ ቆጣሪዬ ግን ይዞራል፣ የአየር ሂሳብ እከፍላለሁ። በአንድ ዓመት ውስጥ ከሃያው ቤት አሥራ አራቱ ፓምፕ አላቸው። አሁን እኔም ብገጥም ምንም አይመጣልኝም፤ መስመሩ ውስጥ የሚሳብ የለም። ልጆቼ ከቦቴ በጀሪካን ይቀዳሉ፣ አራት ፎቅ ተሸክመው ይወጣሉ።

ንገሩኝ፣ ብሎካችን የፈረሰው የትኛው ቀን ነው?

በትለር ጋ እንደዚህ ነው። ሮብሌዶ የምትባል ከሎስ አንጀለስ ወጣ ያለች ከተማ፣ በግንብ የታጠረ ሰፈር። ውሃ ከቤንዚን በላይ ተወዷል። ፖሊስና እሳት አደጋ ሲጠራ ያስከፍላል። ትልልቆቹ ሰዎች ደጉ ጊዜ ይመለሳል ብለው ይጠብቃሉ። ታሪኩን የምትተርከው ሎረን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሆና ግንቡ አንድ ቀን እንደሚጣስ ታያለች። ለጓደኛዋ ስትነግራት ጓደኛዋ ለእናቷ ትናገርባታለች፣ አባቷም ሰውን ከምታስፈራሪ አስተምሪ ብለው ይቆጧታል። ይቺን ቦታ ሳነብ እኔ ኮሚቴ ስብሰባ ላይ ስለ ፓምፑ ስናገር «ሰላማችንን አትበጥብጭ» የተባልኩት ትዝ አለኝ።

ሄለን አባዶ (እሑድ፣ ማታ 1:40)

አራተኛ ፎቅ፣ እህቴ፣ የምትፈልጊው ሁለተኛ ምስክር በሚቀጥለው መጽሐፍ ውስጥ አለልሽ። የ1998ቱ ላይ ባንኮሌ የሚባለው ሐኪም፣ በኋላ የሎረን ባል የሚሆነው፣ ያንን የመከራ ዘመን መለስ ብሎ ያየዋል። ሰው የሚለው ከ2015 እስከ 2030 ነው፤ እሱ ግን ከዚያ በፊት ነው የጀመረው ይላል። የአየር ንብረት፣ የኢኮኖሚና የማኅበራዊ ቀውስ በአጋጣሚ ተገጣጠሙ ተብሎ ይነገራል፣ ሐቁን ለመናገር ግን ፊታችን የነበረውን ችግር እያየን አንነካም ስላልን ነው የመጣው ይላል። በትለር ራሷ ያደገችው ፓሳዴና ነው፤ የምታየውን ሰፈር ነው ትንሽ ወደፊት የገፋችው። ክፉ ሰው ፈልጋ አጣች። አንቺም የታመሙ እናት ያሉትን ጎረቤት ክፉ ማለት እንዳልቻልሽው።

ቢኒ (እሑድ፣ ማታ 1:58)

ትናንት በትለር ተሳስታለች ያልኩትን አንስቻለሁ። እኔ ፍንዳታ ነበር የምጠብቀው። ምድር ላይ ነው የምኖረው፣ እኛም ቤት ፓምፕ አለ። ማን እንደቀደመ አላስታውስም።

ናቲ ሰሚት (እሑድ፣ ማታ 2:20)

ምክንያቱን ጭራሽ የማይነግሩስ? የማካርቲ (ሌላኛው፣ ኮርማክ) «ዘ ሮድ» ላይ ሰዓቶች 1:17 ላይ ይቆማሉ፣ ረጅም ብርሃን ይታያል፣ ተከታታይ ድምፅ ይሰማል፣ በቃ። ቦምብ ይሁን ከሰማይ የወደቀ ነገር ይሁን አይነገርም። በመምህር ሕግ ምስክር የለም ማለት ነው። እዚያስ ፍርሃቱን ከየት እናገኛለን?

የድሮ መምህር (እሑድ፣ ማታ 2:45)

በፈረሰው ዓለም ልጁን ይዞ የሚጓዘው አባት ላይ ነዋ። ምክንያቱ ቢነገረው ለአባትየው ምን ይጠቅመዋል? የያዘው ሽጉጥ ውስጥ ስንት ጥይት እንደቀረ ነው የሚቆጥረው። ግን ይህን የምለው በግምት ነው። ምክንያት የሌለው መጽሐፍ ላይ ሁላችንም የየራሳችንን ፍርሃት ነው የምናስገባው፤ እኔም አባት ስለሆንኩ ይሆናል።

የኮዬዋ (ሰኞ፣ ማታ 2:10)

ዛሬ ከሥራ ስመለስ «ዘ ሃንድሜድስ ቴል»ን በመምህር ዓይን እንደገና አነበብኩት። ቃሊቲ ጋ መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ጊዜ አገኘሁ።

ትልቁ ምክንያት እዚያ አለ፤ ፕሬዚዳንቱ ተገደለ፣ ምክር ቤቱ በመትረየስ አለቀ፣ ጥፋቱ በሙስሊሞች ላይ ተላከከ፣ ሕገ መንግሥቱ ታገደ። ይህ ሁሉ በጥቂት መስመር ነው የሚያልፈው። ተራኪዋ ኦፍሬድ ጊዜ ወስዳ የምትነግረን ግን ሲጋራ ልትገዛ ሱቅ የገባችበትን ጠዋት ነው። የምታውቃት ሻጭ የለችም፣ የማታውቀው ወጣት ልጅ ቆሟል። የሒሳብ ቁጥሯን ይመታል፣ አይሠራም ይላታል። ብር አለኝ፣ ድገመው ትለዋለች። ቀዩን መብራት ያሳያታል። የዚያኑ ቀን ከሰዓት ከምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት ከሴት ባልደረቦቿ ጋር ትባረራለች። የሴቶች ገንዘብ በሙሉ ታግዷል፤ ባል ያላት የባሏ ሆኖላታል።

የደነገጥኩት ከዚያ በኋላ ባለው ነው። ማታ ባሏ ሉክ ያባብላታል፣ እኔ አለሁልሽ ይላታል። ደግ ሰው ነው። እሷ ግን ቅር እንዳላለው፣ ምናልባትም እንደተመቸው ይሰማታል። ያን ጊዜ «እኛ» የነበርነው ቀርቶ እኔ የእሱ ሆንኩ ብላ ታስባለች። መጽሐፉን ለሦስተኛ ጊዜ ነው ያነበብኩት፣ እስካሁን ግን ሉክን እንደ ተጎጂ ብቻ ነበር የማየው። አትዉድ የፈራችው መትረየሱን ብቻ ቢሆን ኖሮ ያንን ምሽት ባልጻፈችው ነበር።

ሁለተኛው ምስክር ደግሞ መጨረሻው ላይ አለ። በ2195 ጉባኤ ላይ የሚናገረው ፕሮፌሰር ፒኤይክሶቶ ምክንያቱን በሥርዓት ይዘረዝራል፤ ወሊድ ቀነሰ፣ በሽታ መጣ፣ ኒውክሌር ጣቢያ ፈሰሰ። ሁሉም ትክክል ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ግን የኦፍሬድ ጌታ ከነበረው ከአዛዡ ከዋተርፎርድ ኮምፒውተር ሃያ ገጽ ብናገኝ ምን ነበረበት ብሎ ይቆጫል። ኦፍሬድ ታሪኳን በድምፅዋ የቀዳችበት ካሴት በእጁ እያለ የሚመኘው የአለቃውን ወረቀት ነው። አሁን ሳስበው ያ ጓደኛችን «የትኛውም ምክንያት ቢሆን ለውጥ የለውም» ሲል እኔ ደግሞ ምክንያቶቹን በዝርዝር ጽፌ ይዤ ነበር የሄድኩት። ካሴቱን ማናችንም አላዳመጥነውም።

ቅዳሜ ስንገናኝ ከሱቁ ጠዋት ልጀምር ነው። አራተኛ ፎቅ፣ ቱሉ ዲምቱ ቅርባችን ነው፣ ብትመጪ ደስ ይለናል። ስብሰባው አምስት ሰዓት ላይ ነው።

አራተኛ ፎቅ (ሰኞ፣ ማታ 2:31)

ቅዳሜ የውሃ ቀናችን ነው። ቦቴው ቀድሞ ካለፈ እመጣለሁ።